«እግርህ ይሰበር» ለማን ይባላል?

የሜል ብሩክስ «ዘ ፕሮዲውሰርስ» ሙዚቃዊ ተውኔት በ2001 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ ታየ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ፊልም ሆነ። ከትዕይንቶቹ አንዱ ለተርጓሚ ወጥመድ ነው። አዲስ ቴአትር ሊከፈት ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተዋል። የሂሳብ ሠራተኛ የነበረውና የመድረክ ሰዎችን ወግ የማያውቀው ሊዮ ብሉም ለባልደረቦቹ ከልቡ «መልካም ዕድል» ይላቸዋል። ሁሉም ይደነግጣሉ። በመክፈቻ ምሽት መልካም ዕድል መመኘት ክፉ ገድ መጥራት ነውና፣ የሚባለው «ብሬክ ኤ ሌግ» መሆኑን እየዘፈኑ ያስተምሩታል፤ ቃል በቃል «እግርህን ስበር» ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሊጫወት የተዘጋጀው ፍራንዝ ሊብኪንድ ወድቆ እውነትም እግሩን ይሰብራል።

የአማርኛ ተርጓሚ እዚህ ላይ «ይቅናህ» ብሎ ቢጽፍ ምኞቱ ይደርሳል፣ ቀልዱ ግን ይሞታል። «እግርህ ይሰበር» ቢል ደግሞ ቀልዱን ያልያዘ ተመልካች ስድብ የሰማ ይመስለዋል። ችግሩ የአንድ ፊልም ብቻ አይደለም። ሰው ሲያስነጥስ፣ ሲታመም፣ አዲስ ልብስ ሲለብስ፣ ፀጉሩን ሲቆረጥ፣ ከሥራ ሲገባ፣ ሲወልድ፣ ሲሞትበት የሚባሉ የተወሰኑ ቃላት በየቋንቋው አሉ። እነዚህን የወግ ቃላት እንበላቸው። አንዱ ቋንቋ አንድን አጋጣሚ በወግ ቃል ሲያጅብ ሌላው ያንኑ በዝምታ ያልፈዋል፤ ሁለቱም ቃል ቢኖራቸው እንኳ የሚሠራው ሥራ ላይገጥም ይችላል።

ስለ አመጣጣቸው ብዙ ይወራል። የ«ብሬክ ኤ ሌግ»ን ምንጭ አብርሃም ሊንከንን ገድሎ ከቴአትር ቤቱ ሰገነት ወደ መድረኩ ሲዘል እግሩ ተሰበረ ከሚባለው ከጆን ዊልክስ ቡዝ ጋር የሚያያይዙ አሉ። ያ የሆነው በ1865 ነው፤ አባባሉ በጽሑፍ ብቅ የሚለው ግን ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ስለሆነ ወሬው አያሳምንም። ሮበርት ሊንድ የተባለ ጸሐፊ በ1921 የፈረስ እሽቅድምድም ሰዎች ተመሳሳይ እርግማን እንደሚመራረቁበት ጻፈ። ከቴአትር ጋር ተያይዞ የሚጠቀሰው ቀደምት ጽሑፍ ደግሞ ደራሲዋ ኤድና ፈርበር በ1939 ያሳተመችው የሕይወት ታሪክ ነው፤ በዚያ የሚመኙት ተጠባባቂ ተዋንያን ናቸው፣ የሚመኙትም ዋናዎቹ ተዋንያን እውነትም እግራቸው እንዲሰበርና ተራው ለእነሱ እንዲደርስ ነው። ጀርመኖችም «አንገትና እግር ይሰበር» የሚል ምኞት አላቸው፤ እሱ ራሱ «ስኬትና በረከት» ከሚል የዪዲሽ ሐረግ ድምፅ ተጣሞ የወጣ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ላስነጠሰ ሰው «እግዚአብሔር ይባርክህ» ማለትን አፈ ታሪኩ በ590 ሮም በወረርሽኝ ስትታመስ ለተሾሙት ለጳጳሱ ለጎርጎርዮስ ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ ሮማዊው ፕሊኒ ከዚያ አምስት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ያስነጠሰን ሰው ለምን እንባርካለን እያለ ይጠይቅ ነበር። ይህ ሁሉ ለወሬ ይጣፍጣል። ለተርጓሚው ግን ብዙም አይረባውም፤ የሚናገረው ሰው የቃሉን ታሪክ እያሰበ አይደለምና።

ለተርጓሚው የሚረባው ሌላ ሰው የሠራው ነው። ቻርልስ ፈርጉሰን አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ ነበር፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮጵያ በተካሄደው የቋንቋ ጥናት ተሳትፏል፣ የጥናቱ ውጤት የሆነውን መጽሐፍ ካዘጋጁት አንዱም ነው። መጽሐፉ በወጣበት በ1976 ስለ ትሕትና አባባሎች አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ በዚያም በራሱ ቢሮ ያደረገውን ትንሽ ሙከራ ይተርካል። ጸሐፊው ጠዋት «እንደምን አደርክ» ስትለው ፈገግ ከማለት በቀር ቃል ሳይመልስ አለፈ፤ ሌላው ጠባዩ እንደወትሮው ነበር። በማግስቱም ደገመው። በሁለተኛው ቀን ቢሮው ውስጥ ውጥረት ነገሠ፣ በኮሪደሩም ፈርጉሰን ምን ነካው የሚል ወሬ ተነሣ። ሙከራውን እዚያው ላይ አቆመ።

«እንደምን አደርክ» የሚለው ቃል ምን ትርጉም ነበረው? ጥያቄ አይደለም፣ መረጃም አያቀብልም። ክብደቱ የታወቀው ሲጎድል ነው። ስለዚህ የወግ ቃልን የሚተረጉም ሰው ከ«ምን ማለት ነው» በፊት የሚጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ ማን ይጀምረዋል? መልሱ ምንድን ነው? ባይባል ማን ይቀየማል? መዝገበ ቃላት ለሦስቱም መልስ የለውም።

ማስነጠስን እንውሰድ። በእስልምና ሥርዓት የሚጀምረው ያስነጠሰው ሰው ራሱ ነው፤ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። የሰማው «የርሐሙከላህ» ይለዋል፣ አላህ ይማርህ ማለት ነው። ያስነጠሰው ደግሞ አላህ ይምራችሁ፣ ሁኔታችሁንም ያሳምር የሚል ምርቃት ይመልሳል። ሦስት ዙር ነው፤ ያስነጠሰው ፈጣሪውን ካላመሰገነ ደግሞ ሰሚው የመመለስ ግዴታ የለበትም። ቱርኮች ሁለት ዙር አላቸው፤ ሰሚው «ቾክ ያሻ» ይላል፣ ብዙ ኑር ማለት ነው። ያስነጠሰው «ሰን ደ ጎር» ይመልሳል፤ አንተም ኖረህ እየው እንደማለት። ፈረንሳዮች «ምኞትህ ይሙላ»፣ ጀርመኖች «ጤና» ይላሉ። ጃፓኖች በልማድ ምንም አይሉም፤ የጃፓን ልብወለድ ውስጥ የሚያስነጥስ ሰው ዝም ቢባል ማንም እንዳልተቀየመ ማወቅ ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛው «ብሌስ ዩ» መልሱ «አመሰግናለሁ» ነው፤ ምርቃት በምርቃት አይመለስም።

አማርኛ እዚህ ላይ ባለጸጋ ነው። «ይማርህ» ይባላል፣ «ያኑርህ» ይመለሳል። አካሄዱ ለቱርክኛው የቀረበ ነው፤ ሰሚው ይጀምራል፣ ምርቃት በምርቃት ይመለሳል፣ የመልሱም ፍሬ ነገር ዕድሜ ነው። ስለዚህ የቱርክኛውን ጥንድ «ይማርህ፣ ያኑርህ» ብሎ ማምጣት ከሞላ ጎደል ያለ ኪሳራ ይሆናል። የእንግሊዝኛውን ግን ሲያመጡ አንድ ውሳኔ አለ። ያስነጠሰው አሜሪካዊ «አመሰግናለሁ» ይበል ወይስ «ያኑርህ»? በጽሑፍ ተርጓሚዎች ዘንድ የሚታየው ግማሽ ልብ ሥራ «ይማርህ»ን አስገብቶ መልሱን «አመሰግናለሁ» ብሎ መተው ነው። ምርቃቱን አበሻ አድርጎ መልሱን ፈረንጅ ማድረግ ጆሮ ይቆረቁራል። የወግ ቃል ጥንድ ከሆነ በጥንድነቱ ይተርጎም፤ ካልሆነም ሁለቱም ይቅሩ።

ሌላም አለ። እንግሊዝኛው ለአለቃም ለሎሌም፣ ለወንድም ለሴትም፣ ለአንድም ለብዙም «ብሌስ ዩ» ነው። አማርኛ ግን «ይማርህ» «ይማርሽ» «ይማርዎ» «ይማራችሁ» እያለ እንዲመርጥ ያስገድዳል፤ መምረጥ ደግሞ ስለ ሰዎቹ ዝምድና መናገር ነው። ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጇ ቢያስነጥሱና አዲሱ ተቀጣሪ «ይማርሽ» ቢላቸው፣ በዋናው ፊልም ውስጥ የሌለ ድፍረት ተርጓሚው ፈጥሯል ማለት ነው። የማስነጠስ ቃል ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ፣ ገጸ ባሕርያቱ በአንቱታ ይሁን በአንተታ እንደሚነጋገሩ ተርጓሚው ከመጀመሪያው ገጽ ካልወሰነ እዚህ ላይ ይጋለጣል።

ከአማርኛ ሀብቶች ሁሉ ለተርጓሚ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ብዙ ጊዜ ልብ የማይባል ነገር ነው፤ የምርቃቱ ግሥ ባለቤቱን አይጠራም። «ይማርህ»፣ «ያኑርህ»፣ «ያበርታህ»፣ «ያሳድገው» ስንል ማን እንደሚምር፣ ማን እንደሚያኖር አልተነገረም። ሰሚው እንደ እምነቱ ይሞላዋል። የተርጓሚው እጅ የሚፈታው እዚህ ነው፤ የኢስታንቡል ሙስሊም ገጸ ባሕርይን «እግዚአብሔር» ሳያሰኙ፣ «አላህ»ንም ባልተጻፈበት ሳይጨምሩ ማስመረቅ ይቻላል።

ይህ የሩቅ ምሳሌ አይደለም። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ የተቀዱ የውጭ ድራማዎች በየቤቱ ገብተዋል፤ የቱርኮቹ ደግሞ በወግ ቃላት የተሞሉ ናቸው። ቱርካዊ የሚሠራ ሰው አጠገብ ሲያልፍ «ኮላይ ገልሲን» ይላል፤ ሥራው ይቅለልልህ እንደማለት። ሕመም፣ አደጋ ወይም የፍርድ ቤት ጣጣ ለደረሰበት «ገችሚሽ ኦልሱን»፣ ያለፈ ይሁን ይላል። ምግብ ለሠራ «ኤሊነ ሳሊክ»፣ ጤና ለእጅህ። ከፀጉር ቤት ወይም ከገላ መታጠቢያ ለወጣ ሰውም የተለየ ቃል አለው። ዲቦራ ታነን የተባለች አሜሪካዊት የቋንቋ ተመራማሪና ፒያሌ ኦዝቴክ በ1977 የቱርክንና የግሪክን አባባሎች ሲያነጻጽሩ ሁለቱ ሕዝቦች ለአጋጣሚው ሁሉ ቃል እንዳላቸው አሳዩ፤ ከእነሱ ጎን ሲታይ እንግሊዝኛ ድሀ ነው።

አራቱን አንድ በአንድ ብንሞክራቸው የሥራው ጠባይ ይታያል። «ኤሊነ ሳሊክ» በቀጥታ «እጅሽ ይባረክ» ይሆናል፤ ምስሉ እንኳ አንድ ነው፣ እጅ። «ኮላይ ገልሲን» «በርቱ» ወይም «ያበርታችሁ» ይሆናል። ምስሉ ተቀይሯል፤ ቱርኩ ሥራው እንዲቀል፣ አበሻው ሠራተኛው እንዲበረታ ይመኛል። ለድራማው ግን ለውጥ የለውም፤ የቃሉ ሥራ አላፊ አግዳሚው «አይቼሃለሁ» እንዲል ነበርና። «ገችሚሽ ኦልሱን» ነው የሚያስቸግረው። ለታመመ «እግዜር ይማርህ» ይሆናል፣ ከአደጋ ለተረፈ «እንኳን ተረፍክ»፣ ከእስር ለወጣ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ»። አንዱ የቱርክ ቃል በአማርኛ ሦስት ሆነ። ሁልጊዜ በአንድ ቃል የተረጎመ ሰው አንድ ቦታ ላይ ከእስር የወጣን ሰው «ይማርህ» ያሰኛል፤ ተመልካቹም ይስቃል። የፀጉር ቤቱ ቃል ደግሞ አማርኛ ውስጥ የተወሰነ ስፍራ የለውም። ዓረቦች «ነዒመን» ይላሉ፣ ዕብራይስጥ ተናጋሪዎችም አዲስ ነገር ላገኘ «ቲትሐዴሽ» ይላሉ፤ እስራኤል ያደጉ ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች አዲስ ጫማ ላደረገ ጓደኛቸው የሚሉት ይህንኑ ነው። በአማርኛ ለልብስ «በጤና ልበሺው» አለ፤ ለፀጉር ግን «አምሮብሻል» ብሎ ማለፍ ይሻላል። ምርቃቱ አድናቆት ሆነ እንጂ፣ አየሁልሽ የማለቱ ሥራ ተሠራ።

ወደ «ብሬክ ኤ ሌግ» እንመለስ፤ እሱ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ምኞቱ ተገልብጦ በመምጣቱ ነው። ሐሳቡ ከቅናት ዓይን መሸሽ ነው። በጎውን ከጠራኸው ክፉው ይሰማል፤ ክፉውን ከጠራኸው ይታለላል። ጣልያኖች ለፈተና ለሚገባ «በተኩላ አፍ» ይላሉ፣ መልሱ «ይሙት» ነው፣ ተኩላው ማለት ነው። ሩሲያውያን በአዳኝ ቋንቋ «ላባም ጠጉርም አይኑርህ» እንደማለት ያለ ቃል አላቸው፤ መልሱ «ወደ ሰይጣን ሂድ» ነው፣ «አመሰግናለሁ» ማለት ገድ ያበላሻል። ጀርመን መድረክ ላይ «ቶይ ቶይ ቶይ» ይባላል፤ ይህ የምራቅ እንትፍታ ድምፅ ነው። እንትፍታ በእኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ ሽማግሌ «እንትፍ እንትፍ» ብሎ ሲመርቅ ያየ አንባቢ፣ የጀርመኑ ተዋናይ በባልደረባው ትከሻ ላይ እንትፍ ሲል የአማርኛ ማብራሪያ አያሻውም።

አማርኛ ልጅን ከዓይን ለመጠበቅ «ከዓይን ያውጣህ» ማለትን ያውቃል። እርግማንን በምርቃት ቦታ ማስቀመጥን ግን ወግ አላደረገውም። «እግርህ ይሰበር» በአማርኛ እውነተኛ እርግማን ነው፤ የተናደደች እናት አፍ ላይ የምናውቀው ነው። ስለዚህ ተርጓሚው «ብሬክ ኤ ሌግ» በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያጣራው፣ በዚያ ትዕይንት ውስጥ ቃሉ ስንት ሥራ እንደያዘ ነው።

አንድ ሥራ ብቻ የያዘበት ብዙ ነው። አባት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ለምትወጣ ልጁ «ብሬክ ኤ ሌግ» ብሎ ስልክ ላይ ቢጽፍላት «ይቅናሽ» ይበቃል። «መልካም ዕድል» እዚህ ላይ አይመከርም፤ ፈተና ወረቀት ግርጌ የሚታተም የቢሮ ጠረን ያለው ቃል ነው፣ አባት ለልጁ እንዲህ አይልም። ለመግለጫ ጽሑፍ ሠሪም «ይቅናሽ» ስጦታ ነው። የፊልም መግለጫ ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ በላቲን ፊደል በአንድ መስመር ወደ 42 ፊደል ነው የሚፈቀደው፤ «ይቅናሽ» አራት ፊደል ይዞ ሰከንድ ሳይፈጅ ይነበባል።

ሁለት ሥራ የያዘበትም አለ። ከመጋረጃ ጀርባ ያረጀ የመድረክ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትወጣ ልጅ ሲለው፣ ምኞት ብቻ ሳይሆን ከእኛ ሆነሻል ማለቱም ነው። «ይቅናሽ» ሁለተኛውን አይናገርም፤ የጎረቤት እናትም ትለዋለችና። የጠፋውን እዚያው ቃል ላይ መመለስ ካልተቻለ ከጎኑ መመለስ ይቻላል፤ ሠራተኛው እስከዚያ ድረስ በ«እርስዎ» ወይም በሙሉ ስሟ ሲጠራት ቆይቶ እዚህ ላይ «ይቅናሽ የኔ ልጅ» ቢላት በሩ መከፈቱን አማርኛ ሰሚ ይረዳል። እንግሊዝኛው በቃል ያደረገውን አማርኛው በአንቺታ አደረገው።

በ«ዘ ፕሮዲውሰርስ» ደግሞ ቃሉ ሦስት ሥራ አለው፤ ምኞት ነው፣ የመድረክ ሰዎች ምሥጢር ነው፣ የሚፈጸም ትንቢት ነው። ሦስተኛው ሥራ ምርጫ አይሰጥም። ፍራንዝ እግሩን ስለሚሰብር «እግር» እና «ሰበረ» የግድ መኖር አለባቸው። ደግነቱ ትዕይንቱ ራሱ ያስተምራል፤ ሊዮ አያውቅም፣ ተመልካቹም አያውቅም፣ ሁለቱም አብረው ይማራሉ። ስለዚህ እዚህ ላይ «እግርህ ይሰበር» አያስቀይምም። እንዲያውም «እግርህን ስበር» ከሚለው ቃል በቃል ትርጉም ይልቅ ይህኛው ይሻላል፤ የመጀመሪያው ግራ የሚያጋባ ትእዛዝ ነው፣ ሁለተኛው ግን ሁሉም የሚያውቀው እርግማን ነው፣ ቀልዱም እርግማን ምርቃት መሆኑ ነው። ሊዮ የሚሳሳትበት ቃልም ይመረጣል። ሌላ ቦታ የጣልነው «መልካም ዕድል» እዚህ ቦታውን ያገኛል፤ የሂሳብ ሠራተኛ፣ የመድረክ ወግ የማያውቅ ሰው፣ የቢሮውን ቃል ይዞ ገባ። ተዋንያኑ «እሱን አትበል!» ብለው ሲጮኹበት ሐሳቡ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አደጋው ሲደርስም «ተጎዳ» ወይም «ወለም አለው» ማለት አይቻልም፤ «እግሩ ተሰበረ» ነው መባል ያለበት። የመጀመሪያውን መስመር ያለ ጥንቃቄ «ይቅናህ» ብሎ የጻፈ ሰው እዚህ ሲደርስ ወደ ኋላ ተመልሶ ሁሉንም ለመፋቅ ይገደዳል። የወግ ቃል ከመተርጎሙ በፊት ታሪኩ እስከ መጨረሻው ይታይ የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድን ቃል እንደ ተናጋሪው የመለያየት ጥበብ ለአማርኛ አዲስ አይደለም። የግሪኩ አዲስ ኪዳን «ካይሬ» የሚል የዘወትር ሰላምታ አለው፤ የቃሉ ሥር ደስ ይበልህ ማለት ቢሆንም ግሪኮች መንገድ ላይ ሲገናኙ የሚሉት ነበር። ገብርኤል ማርያምን የተናገረበትም፣ ይሁዳ ጌታውን ሊያስይዝ ሲመጣ የተናገረበትም ቃል ይኸው ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መልአኩን «ደስ ይበልሽ» ያሰኘዋል፤ በዚህም «ተፈሥሒ» የሚለውን ግዕዝ ተከትሏል። ይሁዳን ግን «ሰላም ለአንተ ይሁን» ነው የሚያሰኘው። ቃሉ አንድ፣ ሥራው ሁለት ነው። መልአኩ የምሥራች ይዞ መጥቷልና ደስታው ከሥሩ ወጥቶ መታየት ነበረበት። የይሁዳ ክፋት ግን ያለው ቃሉ ተራ ሰላምታ በመሆኑ ነው፤ እሱም «ደስ ይበልህ» ቢባል አንባቢው ምን ዓይነት ሰላምታ ነው ብሎ ይቆም ነበር፣ ክህደቱም በተራ ሰላምታ ተሸፍኖ መምጣቱ አይታይም። የቆየው የእንግሊዝኛ ትርጉም ሁለቱንም ቦታ በአንድ ቃል ነው ያለፈው።

የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች መምህር የነበረው አሜሪካዊው ዩጂን ናይዳ በ1964 መጽሐፉ ላይ የአንባቢው ስሜት ከመጀመሪያው ሰሚ ስሜት ጋር ይመሳሰል ሲል ተከራከረ። ምሳሌ አድርጎ ካነሣቸው አንዱ እንግሊዛዊው ጄ. ቢ. ፊሊፕስ ነው፤ ጳውሎስ ምእመናን በተቀደሰ አሳሳም ሰላም እንዲባባሉ ያዘዘበትን ቦታ ፊሊፕስ ወደ ሞቅ ያለ መጨባበጥ ቀየረው፤ እንግሊዛውያን አይሳሳሙምና። ለአዲስ አበባ አንባቢ ግን ይህ ሥራ ከንቱ ድካም ነው፤ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም እዚህ የዕለት ሰላምታ ነው። መንገዱ የሚለካው በሚደርስበት አገር ነው፤ የናይዳን ምክር እንደ ቋሚ ሕግ የያዘ ሰው ችግር በሌለበት ችግር ይፈጥራል።

እስካሁን ያየነው ወደ አማርኛ የሚገባውን ነው። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚወጣው መንገድ ይከብዳል፤ እንግሊዝኛ የምርቃት ግሡን ከሞላ ጎደል ጥሎታል። «ማረ» የሚለውን አንድ ግሥ ብቻ እንውሰድ። ላስነጠሰ «ይማርህ»፣ ለታመመ «እግዜር ይማርህ»፣ ለወለደች «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ ለሞተ «ነፍስ ይማር»። አማርኛ ተናጋሪ ከልደት እስከ ሞት በአንድ ምሕረት ይታጀባል። በእንግሊዝኛ አራቱ አራት የማይዛመዱ አባባሎች ይሆናሉ፤ አንዱም «ምሕረት» የሚል ቃል አይኖረውም። ይህን ኪሳራ መቀበል እንጂ መጠገን አይቻልም፤ ምሕረትን በግድ እየጎተቱ አራቱም ቦታ ማስገባት እንግሊዝኛውን የጸሎት መጽሐፍ ያስመስለዋል።

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያለ የወሊድ ክፍል እንበል። አያት ገብታ ለምራቷ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች፤ ነርሷ ምን አለች ብላ ታስተረጉማለች። የሕክምና አስተርጓሚ ሳይጨምር ሳይቀንስ መተርጎም አለበት። «ማርያም ይቅር ስላለችሽ ደስ ብሎኛል» ቢል ቃል በቃል ታማኝ ነው፣ ነርሷ ግን የምትሰማው ወላዷ አንድ ጥፋት እንደነበረባት ነው። «እንኳን ደስ አለሽ» ቢል ነርሷ ተረድታለች፣ ነገር ግን ፍርሃቱ ጠፋ፤ አማርኛው ምጥን ከሞት አፍ መውጣት አድርጎ ነው የሚያየው። ሁለቱንም የሚይዘው «በሰላም በመገላገልሽ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ዓይነት ነው፤ ማርያም የቀረችው ነርሷ በማትፈልጋት ቦታ ነው። አያቲቱ ግን በዚያው ንግግር ውስጥ ስለ ማርያም ስለት ብታነሣ አስተርጓሚው ወደ ኋላ ተመልሶ ማርያምን ማስገባት አለበት።

«እኔን» ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራል። ልጅ ሲወድቅ፣ ሽማግሌ ሲደናቀፍ ያየ ሰው «እኔን!» ይላል፤ በአንተ ፋንታ እኔን ያግኘኝ ማለት ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች እንግሊዝኛ ይህን ሥራ «ሶሪ» ነው የሚሠራው፤ የኬንያው «ፖሌ»፣ የናይጄሪያውና የጋናው ሐዘኔታ ሁሉ በ«ሶሪ» ይወጣል። ሎንዶን ላይ ግን «ሶሪ» የተባለ ሰው «አንተ ምን አደረግህ?» ብሎ ይመልሳል፤ ለእሱ ቃሉ የጥፋት መናዘዣ ነው። ለልብወለድ ከሆነ «ወይኔ፣ ተጎዳህ?» ከሚለው በላይ የሚያስኬድ የለም፤ መተካካቱ ይቀራል፣ ድንጋጤው ይደርሳል። «አይዞህ»ም እንዲሁ ነው። ለሚያለቅስ፣ ለሚፈራ፣ ለሚሸከም፣ ለታመመ፣ ለወደቀ ሁሉ አንድ ቃል ሆኖ ሳለ በእንግሊዝኛ ለየጊዜው ሌላ ሌላ መፈለግ ነው፤ ለሚፈራው «አለሁልህ»፣ ለሚሸከመው «ሊያልቅ ነው»፣ ለሚያለቅሰው ዝም ብሎ ትከሻውን መያዝ። ሦስተኛው ቃል አይደለም፤ ትክክለኛ ትርጉም መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

በመጨረሻ ጨርሶ የማይሻገር አለ። ታላቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ከመቀመጫው ብድግ እያለ «ኖር» ይላል፣ ገቢው «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጠዋል። ቃሉና መነሣቱ አይነጣጠሉም፤ እንግሊዝኛ ውስጥ ቃሉም የለም፣ መነሣቱም ተረስቷል። ፊልም ላይ ከሆነ መግለጫ አያስፈልገውም፤ ተመልካቹ መነሣቱን ያየዋል፣ ያ ቦታ ለሚቀጥለው ንግግር ይተው። መጽሐፍ ላይ ከሆነ «ሁሉም ተነሡ፣ እሳቸውም እንዲቀመጡ ለመኗቸው» ብሎ በድርጊት መጻፍ ያስኬዳል። ሬዲዮ ድራማ ላይ ከሆነ ግን ዓይን የለም፤ የወንበር መንኳኳትና የአንድ ሰው «እባካችሁ ተቀመጡ» ብቻ ነው የሚቀረው። ታሪኩ ሽማግሌው ሆን ብለው «በእግዜር» ሳይሉ ሰዉን እንደቆመ ስለተዉበት ቀን ከሆነ ደግሞ አንዳቸውም አይበቁም፤ ያኔ «ኖር» በራሱ ድምፅ ይግባ፣ ከገጾች በፊትም አንድ ጊዜ መልሱን አግኝቶ ለአንባቢው ይተዋወቅ።